አንድ ጥሩንባ፣ ብዙ ጆሮ፦ የዩትሬክቱ ባቡር እና የፕላስና ማይነስ ጣጣ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 1845 ነው። ቦታው ኔዘርላንድስ፣ ከዩትሬክት ወደ ማርሰን የሚወስደው ሀዲድ። አንድ ሎኮሞቲቭ ክፍት ፉርጎ እየጎተተ ይመጣል። ፉርጎው ላይ ጥሩንባ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። አንዷን ድምፅ ብቻ ይዘው ሳያቋርጡ ይነፋሉ። በሀዲዱ ዳር ደግሞ ሌሎች ሙዚቀኞች ቆመው ጆሯቸውን አቁመዋል። የእነሱ ሥራ መንፋት ሳይሆን መስማት ነው። ባቡሩ ሲመጣ ድምፁ በምን ያህል ቀጠነ? አልፏቸው ሲሄድስ በምን ያህል ወፈረ? ይህንን ይመዘግባሉ።

ሙከራውን ያዘጋጀው ባይስ ባሎት የሚባል ኔዘርላንዳዊ ነው። ያኔ ገና 27 ዓመቱ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1842፣ ክርስቲያን ዶፕለር የተባለ ኦስትሪያዊ ፕራግ ላይ አንድ ጽሑፍ አቅርቦ ነበር። የሞገድ ምንጭና ተቀባዩ ሲቀራረቡ ድግግሞሹ፣ ማለትም በሰከንድ የሚደርሰው የሞገድ ብዛት፣ ይጨምራል፣ ሲራራቁ ይቀንሳል አለ። ለጆሮ ድግግሞሹ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲቀንስ ይወፍራል። ዶፕለር ይህን ያነሣው የጥንድ ኮከቦችን ቀለም ለማስረዳት ነበር። ባይስ ባሎት ግን በኮከቦቹ ነገር አላመነም። ቢሆንም ሐሳቡን በድምፅ መፈተን እንደሚቻል ገባው። ባቡር አለ፣ ጥሩንባ አለ፣ የሰለጠነ ጆሮ አለ። የአምስተርዳም እና የዩትሬክት መስመር የተከፈተው በ1843 መጨረሻ ስለሆነ ሀዲዱም ገና አዲስ ነበር።

እኔ ይህን ጉዳይ የምወደው በአንድ ምክንያት ነው። ፊዚክስ ያስተማረ ሁሉ የዶፕለርን ቀመር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የተማሪዎቹን ፊት ያስታውሳል። ላይ ፕላስ ማይነስ፣ ታች ማይነስ ፕላስ። «ቲቸር፣ የትኛውን ነው የምንወስደው?» ይመጣል። መልሱ ብዙ ጊዜ «ሲቀርብ እንዲህ፣ ሲርቅ እንዲያ» የሚል ሽምደዳ ነው። የዩትሬክቱን ሙከራ በደንብ ያየ ሰው ግን መሸምደድ አያስፈልገውም። ባይስ ባሎት ሁለቱንም ነገር ስለሞከረ ነው። አንዴ ጥሩንባው ባቡር ላይ፣ ሰሚው መሬት ላይ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጥሩንባው መሬት ላይ፣ ሰሚው ባቡር ላይ።

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት ግን የከሸፈውን ሙከራ እንይ። የመጀመሪያው የተሞከረው በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ነበር። ክረምት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መሣሪያዎቹም ከቅኝታቸው ወጡ። ይህ ተራ የአየር ጠባይ ወሬ እንዳይመስላችሁ። የጥሩንባ ድምፅ የሚወሰነው በቱቦው ውስጥ ባለው አየር ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ ድምፅ ቀስ ብሎ ይጓዛል፣ ጥሩንባውም ይወፍራል። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው፤ በዜሮ ዲግሪ 331 ገደማ። በ15 ዲግሪ 440 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 440 ሞገድ፣ የሚሰጥ ጥሩንባ አየሩ እስከ ዜሮ ከቀዘቀዘበት ወደ 428 ይወርዳል። በኪቦርድ ቋንቋ ግማሽ ሰሚቶን ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሰሚቶን ማለት ከአንድ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ፣ ጥቁሩንም ቆጥረን፣ ያለው ርቀት ነው። በእርግጥ የነፊው ትንፋሽ ቱቦውን ትንሽ ያሞቀዋል። ግን አንዱ ነፊ ሲያርፍ፣ ሌላው ሲነፋ፣ እያንዳንዱ ጥሩንባ የራሱን መንገድ ይዞ ይሄዳል።

አሁን አስቡት። የሚፈለገው ለውጥ ራሱ የአንድ ሰሚቶን ያህል ነው። ብርዱ ብቻውን የዚያን ግማሽ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ባይስ ባሎት ሙከራውን ትቶ ሙቀት እስኪመጣ ጠበቀ። ጁን 3 እና ጁን 5 ላይ ደገመው።

ያኔም ነገሩ ቀላል አልነበረም። ድግግሞሽ የሚለካ መሣሪያ በእጁ የለም። ያለው የሙዚቀኛ ጆሮ ነው። ሎኮሞቲቩ ይጮኻል፣ ይንኳኳል። ፍጥነቱን አንድ ዓይነት አድርጎ መያዝ ያስቸግራል። ሰሚዎቹም በትንሹ ይለያያሉ። እንዲህም ሆኖ በድምሩ ሲታይ ዶፕለር ያለው ልክ ሆኖ ተገኘ። ሲመጣ ቀጠነ፣ ሲሄድ ወፈረ፣ መጠኑም ከቀመሩ ጋር ተቀራረበ።

እንግዲህ ወደ ውስጥ እንግባ። የባቡሩ ፍጥነት ከሩጫ ሩጫ ይለያይ ስለነበር እኔ ለስሌት የሚቀል ቁጥር ልውሰድ። ባቡሩ በሰከንድ 20 ሜትር ይሂድ፤ ይህም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው። ጥሩንባው 440 ኸርዝ ይስጥ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ይጓዝ። ነፋስ የለም እንበል።

መጀመሪያ ጥሩንባው ባቡር ላይ ሆኖ ወደ ሰሚው ይመጣል። ልክ አንድ ሰከንድ ቆጠርን። በዚህች ሰከንድ ውስጥ ጥሩንባው 440 ሞገዶች ይለቃል። መጀመሪያ የወጣው ሞገድ 340 ሜትር ሄዷል። ጥሩንባው ራሱ ግን ዝም ብሎ አልቆመም፤ ከኋላው 20 ሜትር ተከትሎታል። ስለዚህ 440 ሞገዶች በ340 ሜትር ውስጥ ሳይሆን በ320 ሜትር ውስጥ ታጭቀዋል። ጥሩንባው ቆሞ ቢሆን እያንዳንዱ ሞገድ 77.3 ሴንቲ ሜትር ይረዝም ነበር። አሁን 72.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እነዚህ ያጠሩ ሞገዶች በሰሚው ጆሮ በኩል የሚያልፉት በዚያው በ340 ሜትር ፍጥነት ነው። የባቡሩ መፍጠን ድምፁን አያፈጥነውም። አንዴ ከጥሩንባው ከወጣ በኋላ ድምፁን የሚሸከመው አየሩ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 440 × 340/320 ሞገድ ይደርሳል፤ ማለትም 467.5 ኸርዝ።

ባቡሩ ካለፈ በኋላ ያው ታሪክ ወደ ተቃራኒው ይገለበጣል። የመጀመሪያው ሞገድ ወደ ሰሚው 340 ሜትር ሲመጣ ጥሩንባው 20 ሜትር ወደ ኋላ ሸሽቷል። 440 ሞገዶች በ360 ሜትር ላይ ተዘርግተዋል። የሚሰማው 440 × 340/360፣ ወደ 415.6 ኸርዝ ነው።

ሁለቱን ስናነጻጽር 360 ለ320 ይመጣል፣ ማለትም 9 ለ8። ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ይህንን ቁጥር ያውቀዋል። አንድ ሙሉ ቶን ነው። ትዝታ ሜጀርን በክራር ወይም በማሲንቆ የሚጫወት ሰው ከሁለተኛዋ ድምፅ ወደ መነሻዋ ሲወርድ የሚሰማው ርቀት ማለት ነው። ሀዲድ ዳር የቆመ ሙዚቀኛ ይህንን ሳያስተውል ሊያልፍ አይችልም። ባይስ ባሎት ሙዚቀኞችን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም።

አሁን ቦታ እናቀያይር። ጥሩንባው መሬት ላይ ቆሟል፤ ሰሚው በባቡር ወደ እሱ ይሄዳል። ብዙ ሰው «ያው ነው፣ ዞሮ ዞሮ በ20 ሜትር እየተቀራረቡ ነው» ይላል። እስቲ እንቁጠር። ጥሩንባው ስለቆመ ሞገዶቹ አልታጨቁም። እያንዳንዱ 77.3 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ነው። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ሰሚው ሊቀበላቸው እየሮጠ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 340 ሜትር ሞገድ ወደ እሱ ይመጣል፣ እሱም 20 ሜትር ይገባበታል። በድምሩ በ360 ሜትር ውስጥ ያሉትን ሞገዶች ይለቅማል። 440 × 360/340፣ ወደ 465.9 ኸርዝ።

465.9 እንጂ 467.5 አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ምንጩ ሲንቀሳቀስ የሚለወጠው አየር ውስጥ ያለው የሞገድ ርዝመት ነው፤ ስለዚህ የምንጩ ፍጥነት የሚገባው በአካፋዩ፣ ከታች ነው። ሰሚው ሲንቀሳቀስ ሞገዱ አይነካም። የሚለወጠው በሰከንድ ስንቱን እንደሚያገኝ ነው፤ ስለዚህ የሰሚው ፍጥነት ከላይ ይገባል። ይህንን የጨበጠ ሰው ላይና ታቹን አያምታታም። ካምታታም ወዲያው ራሱን ማረም ይችላል፦ «የታጨቀ ሞገድ አለ ወይስ የለም?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ፍጥነቱ ሲበዛ ነው። ሰሚው በድምፅ ፍጥነት ወደ ቆመ ጥሩንባ ቢበር የሚሰማው እጥፍ ነው፤ 880 ኸርዝ። ጥሩንባው በድምፅ ፍጥነት ወደ ሰሚው ቢበር ግን 440 ሞገዶች በዜሮ ሜትር ውስጥ ይታጨቃሉ፤ ቀመሩም ይፈነዳል። ሲሸሹም እንዲሁ ነው። በድምፅ ፍጥነት የሚሸሽ ሰሚ ምንም አይሰማም፤ ሞገዱ አይደርስበትም። በድምፅ ፍጥነት የሚሸሽ ጥሩንባ ግን ይሰማል፤ ግማሽ ሆኖ፣ 220 ኸርዝ።

ታዲያ ባይስ ባሎት ይህንን ልዩነት አይቷል? ሊያይ አይችልም ነበር። በ465.9 እና በ467.5 መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሰሚቶን አሥራ ስድስተኛ ገደማ ነው። በሚጮኽ ሎኮሞቲቭ አጠገብ፣ ፍጥነቱ እየተለዋወጠ፣ ያንን በጆሮ መለየት የማይታሰብ ነው። ሙከራው የለውጡን አቅጣጫና ግምታዊ መጠን አረጋገጠ፤ ሁለቱን አደራረግ ለመለየት ግን አቅም አልነበረውም። ይህንን ማወቁ ሙከራውን አያሳንሰውም። ምን ማለት እንደሚችልና እንደማይችል በቁጥር ያሳየናል።

አሁን ወደ ፕላስና ማይነሱ። ሁለቱን ፍጥነቶች ወደ አንድ ቀመር ስናስገባቸው እኔ የምመርጠው አጻጻፍ ይህ ነው፦

```
f' = f × (c + vL) / (c + vS)
```

f' የሚሰማው ድግግሞሽ ነው፤ f ምንጩ የሚሰጠው፤ c የድምፅ ፍጥነት፤ vL የሰሚው ፍጥነት፤ vS የምንጩ ፍጥነት። ላይም ታችም ፕላስ ብቻ። ፕላስ ማይነስ የሚባል ድርብ ምልክት የለም። ምልክቱ ያለው በፍጥነቶቹ ውስጥ ነው።

ደንቡ አንድ ነው። ከሰሚው ተነስተህ ወደ ምንጩ ቀስት ሣል። በቀስቱ አቅጣጫ የሚሄድ ማንም ይሁን ማን ፍጥነቱ ፕላስ ነው። ከቀስቱ በተቃራኒ የሚሄድ ማይነስ። አለቀ።

ሀዲድ ዳር የቆመውን ሙዚቀኛ እንውሰድ። ባቡሩ ከግራው ይመጣል። ቀስቱ ከእሱ ወደ ግራ ነው። ባቡሩ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ከቀስቱ ተቃራኒ ነው፤ vS ማይነስ 20። አካፋዩ 320 ይሆናል፤ 467.5 ወጣ። አሁን ባቡሩ አለፈው። ባቡሩ ያው ባቡር ነው፣ ፍጥነቱም ያው፣ የሚሄደውም እዚያው ወደ ቀኝ። የዞረው ቀስቱ ነው። ምንጩ አሁን በስተቀኝ ስለሆነ ቀስቱ ወደ ቀኝ ያመለክታል። ባቡሩ በቀስቱ አቅጣጫ እየሄደ ነው፤ vS ፕላስ 20። አካፋዩ 360፤ 415.6።

ለእኔ ቁልፉ ያለው እዚህ ነው። ምልክቱ የባቡሩ አይደለም። በባቡሩና በሰሚው መካከል ያለ ነገር ነው። ባይስ ባሎት ሰሚዎቹን በሀዲዱ ዳር በተለያየ ቦታ አቁሟቸው ነበር። ባቡሩ በሁለት ሰሚዎች መካከል ሲደርስ ያለውን ሁኔታ አስቡ። ያለፈው ሰሚ 415.6 ይሰማል፤ ገና ያልደረሰው 467.5። ፉርጎው ላይ ያለው ነፊ ደግሞ የራሱን 440 ይሰማል። አንድ ጥሩንባ ነው፤ ሦስቱም ልክ ናቸው። «የባቡሩ ምልክት ምንድነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልስ የማያገኘው ለዚህ ነው። «ለየትኛው ሰሚ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የነፊው 440 እንዴት እንደመጣ በቀመሩ አረጋግጡ። ፉርጎው ላይ ሰሚም ነፊም አብረው ይሄዳሉ። ቀስቱ ወደ የትም ያመልክት፣ ሁለቱም ፍጥነቶች እኩል ናቸው፣ ምልክታቸውም አንድ ነው። ላይና ታች አንድ ዓይነት ቁጥር፤ ተሰረዘ፤ 440።

ሰው የሚሳሳተው ሁለቱም በተለያየ ፍጥነት ሲሄዱ ነው። ጥሩንባ የጫነ ባቡር በ20 ሜትር ይሮጣል። ከፊቱ በዚያው አቅጣጫ ሌላ ባቡር በ10 ሜትር ይሄዳል፤ ሰሚው እሱ ላይ ነው። ብዙ ተማሪ እንዲህ ያስባል፦ «ምንጩ ወደ ሰሚው እየመጣ ነው፣ ማይነስ 20። ሰሚው ወደ ፊት እየሄደ ነው፣ ፕላስ 10።» ከዚያ 350/320 ይጽፋል፤ ወደ 481 ኸርዝ ያገኛል። ርቀቱ እየጠበበ ስለሆነ መልሱ ከ440 መብለጥ አለበት፤ በልጧል፤ ተማሪው ደስ ብሎት ያስረክባል።

ስህተት ነው። ቀስቱ ከሰሚው ወደ ኋላ፣ ወደ ተከታዩ ባቡር ያመለክታል። ሁለቱም ባቡሮች ወደ ፊት፣ ከቀስቱ ተቃራኒ ይሄዳሉ። vL ማይነስ 10፤ vS ማይነስ 20። 330/320፤ 453.75 ኸርዝ። እዚህ ላይ «እየተቀራረቡ ነው ወይስ እየተራራቁ?» የሚለው ፈተና ብቻውን አልበቃም፤ የተሳሳተውንም መልስ አሳልፎታል። ስለዚህ ሁለተኛ ፈተና እጨምራለሁ። አንዱን አቁመህ እይ። ሰሚው ቢቆም ኖሮ 467.5 ይሰማ ነበር። አሁን ግን እየሸሸ ነው። የሚሸሽ ሰው ከቆመ ሰው ያነሰ መስማት አለበት። 481 ከ467.5 ይበልጣል፤ ወደቀ። 453.75 ያንሳል፤ አለፈ።

አንዳንድ መጻሕፍት ሌላ ደንብ ይዘዋል። ከታች ማይነስ ያደርጉና «መቀራረብ ሁልጊዜ ፕላስ» ይላሉ። እሱም ልክ ነው። ችግር የሚመጣው ቀመሩን ከአንዱ መጽሐፍ፣ የምልክት ደንቡን ከሌላው ሲወስዱ ነው። ያኔ ምንጩ ሲቀርብ ድምፁ ይወፍራል። ሰሚውን ብቻ ያንቀሳቀሰ ጥያቄ ደግሞ ትክክል ይመጣል፤ ላይኛው ክፍል በሁለቱም ደንቦች ተመሳሳይ ስለሆነ። ተማሪው ግማሹን አግኝቶ ግማሹን የሚስተው ለዚህ ነው። የፈተና ወረቀት ላይ ምንጭ የተንቀሳቀሰባቸው ጥያቄዎች ብቻ ተገልብጠው ካየሁ ደንብ መደባለቁን ወዲያው አውቃለሁ።

ሌላም በጆሮ የሚመጣ ስህተት አለ። ብዙ ሰው ባቡር እየቀረበ ሲመጣ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይመጣል ብሎ ያምናል። አይደለም። ባቡሩ እኩል ፍጥነት ከያዘ ድምፁ ገና ከሩቁ 467.5 ገደማ ነው፤ እዚያው ይቆያል። እየጨመረ የሚመጣው ጩኸቱ ነው። ቅጥነቱ ግን ከዚያ በላይ አይወጣም። መውረድ ብቻ ነው የሚያውቀው።

የሚወርደውም ደረጃ እንደ መዝለል አይደለም። ሀዲዱ ላይ የሚቆም ሰው ስለሌለ ነው። ሰሚው ከሀዲዱ 5 ሜትር ራቅ ብሏል እንበል። ቀመሩ ውስጥ የሚገባው የባቡሩ ሙሉ ፍጥነት ሳይሆን በቀስቱ መስመር ላይ ያለው ክፍል ብቻ ነው። ባቡሩ 20 ሜትር ሲቀረው ቀስቱ ከሀዲዱ ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረው፤ ከ20ው 19.4 ይገባል። 5 ሜትር ሲቀረው ቀስቱ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ 14.1 ብቻ ይገባል። ልክ ፊት ለፊት ሲሆን ቀስቱ ሀዲዱን ቀጥ ብሎ ያቋርጠዋል፤ ዜሮ። ከዚያ ምልክቱ ይዞራል። ስለዚህ ያ አንድ ሙሉ ቶን የሚወርደው በአብዛኛው በጥቂት ሜትሮች ውስጥ፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ሰሚው ራቅ ባለ ቁጥር መውረዱ ይለሰልሳል። ባይስ ባሎት ሰሚዎቹን ከሀዲዱ 50 ሜትር ቢያርቃቸው ኖሮ «አሁን ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ የረጋ መልስ ማግኘት በከበዳቸው ነበር።

ከሙከራው በኋላ ባይስ ባሎት የጻፈው ነገር ደስ ይለኛል። በድምፅ ዶፕለር ልክ ነው አለ። በኮከቦች ቀለም ግን አልተቀበለውም። ምክንያቱም ኮከብ ከሚታየው ብርሃን ውጭም የማይታይ ብርሃን ይሰጣል። ድግግሞሹ ሁሉ ወደ ላይ ቢገፋ ከላይ የጠፋውን ቀለም ከታች የነበረው የማይታይ ብርሃን መጥቶ ይተካዋል፤ ኮከቡም ቀለሙን ይህን ያህል አይቀይርም። በዚህም ልክ ነበር። ጥሩንባው የሠራለት አንድ ድምፅ ብቻ ስለነበረው ነው።

ዛሬ ይህንኑ ሙከራ በስልክ መድገም ይቻላል። የአምቡላንስ ሳይረን አትምረጡ። ራሱ ይወጣል ይወርዳል፤ የትኛው ለውጥ የእንቅስቃሴው እንደሆነ አይለይም። የመኪና ክላክስ ይሻላል፤ አንድ ቦታ ይቆማል። ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ አንድ ጓደኛ ክላክሱን ተጭኖ ይለፍ፤ እናንተ ከመንገዱ ዳር ወጥታችሁ ቅረጹ። ከዚያ የድምፅ ድግግሞሽ በሚያሳይ አፕ ክፈቱት። ክላክስ ብዙ መስመር ያሳያል፤ አንዳንዱ መኪናም ሁለት ክላክስ አለው። አንዷን ጎላ ያለች መስመር ያዙና እስከ መጨረሻው እሷን ብቻ ተከተሉ። የመጣው ከአንዷ፣ የሄደው ከሌላዋ ከተነበበ ስሌቱ ውኃ በላው።

ለምሳሌ ሲመጣ 431፣ ሲሄድ 391 ኸርዝ አነበባችሁ እንበል። አየሩ 20 ዲግሪ ነው፤ ድምፅ 343 ሜትር ይጓዛል። የመኪናውን ፍጥነት ለማግኘት የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው ማካፈል፣ በድምፅ ፍጥነት ማባዛት ነው፦

```
v = c × (f1 − f2) / (f1 + f2) = 343 × 40 / 822 = 16.7
```

በሰከንድ 16.7 ሜትር፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር። የመኪናውን የፍጥነት መለኪያ ሳናይ ፍጥነቱን አወቅን። የክላክሱን እውነተኛ ድምፅ ማወቅ እንኳ አላስፈለገም።

እሱንም እንፈልገው። ብዙ ሰው የ431 እና የ391 አማካይ ይወስዳል፤ 411። መኪናው ቆሞ ክላክስ ሲደረግ ግን የሚሰማው 410 ነው። ምንጩ ሲንቀሳቀስ መጨመሩ ከመቀነሱ ትንሽ ይበልጣል፤ ፍጥነቱ ከታች ስለሚገባ። አሁን ቦታ ተቀያየሩ። መኪናው ቆሞ ክላክስ ያድርግ፤ እናንተ ስልኩን ይዛችሁ በሌላ መኪና በ60 እለፉ። ሲቀርብ 430፣ ሲርቅ 390 ገደማ ታገኛላችሁ። የእነዚህ አማካይ ልክ 410 ነው። የሰሚው ፍጥነት ከላይ ስለሚገባ መጨመሩና መቀነሱ እኩል ነው።

431ን ከ430 ጋር ብቻ ማነጻጸር አያዋጣም። ሹፌሩ በሦስት ኪሎ ሜትር ቢሳሳት ልዩነቱን ይበላዋል። አማካዩ ግን ፍጥነቱ ትንሽ ቢዛነፍም እምብዛም አይነቃነቅም። የቆመውን መኪና ስትለኩ ሞተሩን አታጥፉ፤ የባትሪው ኃይል ሲለወጥ የክላክሱ ድምፅም ሊለወጥ ይችላል፤ የምትፈልጉት ደግሞ አንድ ኸርዝ ብቻ ነው። ነፋስ የሌለበት ማለዳ ምረጡ፣ ደጋግማችሁም ቅረጹ። 411 እና 410 በየራሳቸው ተለይተው ከወጡ፣ በ1845 የሙዚቀኞቹ ጆሮ ያልደረሰባትን ልዩነት ይዛችኋል።